ግራ የገባት ድመት

ከሦስት ወር በፊት ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ገና ከበር ስገባ የእህቴ ልጅ ማሙሽ የክብሪት ቀፎ በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሰባት ዓመቱ ነው፣ የክብሪት ቀፎ ይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጢንዚዛ ምናምን ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ራቅ ብዬ "እዛው ሆነህ ክፈተው" አልኩት። ከፈተው። ጢንዚዛ የለም። ነጫጭ፣ ከሥራቸው ወፈር ብለው ወደ ጫፍ የቀጠኑ ፀጉሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ረዘም ያሉት ቀፎው ስላልበቃቸው ጎበጥ ብለዋል። የልብስ ብሩሽ የነቀለ መስሎኝ ልቆጣ ስል አንዷን አንስቼ በብርሃን አየኋትና ገባኝ። የዳማ ጢም ነው።

"አስራ አንድ ናቸው" አለኝ በኩራት። "አንዷ አምልጣኛለች።"

ዳማ ድመታችን ናት። ቀን ቀን የእናቴ የስፌት መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጣልበት ካርቶን ውስጥ ነው የምትተኛው። የዛን ቀን በቀኝ ጎኗ ተኝታ ነበር፣ ማሙሽ ደግሞ እናቴ ክር የምትቆርጥባትን ትንሿን መቀስ አንስቶ ወደ ላይ የዞረውን ጉንጯን፣ ማለትም ግራውን፣ አንድ በአንድ ከረከመው። ስትገላበጥ ደግሞ ቀኙን ሊቀጥል ነበር፣ ግን ነቃችና ሄደች። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው ጥፋቱን ወደ ትልቅ ሰው አሻገረው። ለካ ዳማ ሁለት ሌሊት ውጪ አድራ የመጣች ጊዜ ጎረቤታችን እማማ እናቴን "ጢሟን ቀነስ አርጊላት፣ ከቤት አትርቅም" ብለዋት ነበር። እናቴ ስቃ አልፋዋለች፣ ማሙሽ ግን ሰምቷል። ልጅ ባለበት ቤት የሚወራው ሁሉ ትእዛዝ ነው።

እኔም ያኔ ሳቅኩ። ማፈር ያለብኝ እዚህ ጋ ነው። "ፀጉር አይደል እንዴ፣ ይበቅላል" አልኩ፣ እናቴም "ይበቅላል" አለች፣ ማሙሽን መቀስ እንዳይነካ ተቆጣነውና በቃ፣ ወሬው አለቀ። ጭራሽ የአንድ ጎኗ ብቻ ሲሆን ፊቷ ስለሚያስቅ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። አንዷማ "ሌላኛውንም አስተካክሉላት እንጂ" ብላ ጻፈችልኝ፣ እና ለትንሽ ደቂቃ አስቤበት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

መብራት የጠፋ ማታ

ከዛ በኋላ ባሉት ቀናት ትንንሽ ነገሮች አያለሁ ግን አላገናኘኋቸውም። ዳማ ከፍሪጁና ከግድግዳው መሀል ባለችው ክፍተት ሁሌ እንደ ውሃ ነበር የምታልፈው፣ አሁን ግን አንገቷን ታስገባና ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታስገባለች። በበሩ ስትወጣ ግራ ትከሻዋ መቃኑን ይነካዋል። ሳሎን ስታቋርጥ ደግሞ ድሮ በየትም ነበር የምትሄደው፣ አሁን ቀኝ ጉንጯን ለግድግዳ ሰጥታ ታክካ ነው። ያረጀች መሰለኝ። አራት ዓመቷ ነው እኮ!

ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ወጥ ቤት ቆሜ ሻማ ስፈልግ ከጤፉ በርሜል ኋላ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ዳማም ሰምታለች መሰለኝ በእግሬ መሀል እንደ ጥላ አለፈች። ከዛ ዱብ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ፣ ከዛ ዝም። የስልኬን ፍላሽ ሳበራ አይጧን በፊት እግሯ ተጭናታለች። በዚህ ቤት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ሰከንድ አይፈጅም፣ ማጅራቷ ላይ አንዴ ትነክሳታለች፣ ያልቃል። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብላ የነከሰችው ወገቧን ነው። አይጧ ተጠማዘዘች፣ ዳማ አፏን ላላ አርጋ አንገቷን ልትፈልግ ስትሞክር አይጧ በግራዋ በኩል፣ በዛ በተከረከመው ጉንጯ ሥር፣ ሹልክ ብላ ወጥታ ጆንያው ኋላ ገባች።

እኔን ያስደነገጠኝ ማምለጧ አይደለም፣ አይጥ ያመልጣል። ዳማ ከዛ በኋላ ያደረገችው ነው። አይጧ ከሄደች በኋላ እዛው ባዶ ሲሚንቶ ላይ አፏን ወዲህ ወዲያ እያደረገች ፈለገቻት። ከፊቷ የለችም እኮ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ስትወጣ አይቻታለሁ፣ እሷ ግን በጉንጯ ሥር ያለፈውን አይጥ አላወቀችውም። ከዛ ቀና ብላ አየችኝ። በአማርኛ ግራ ገባት እንላለን አይደል፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ ግራ ነው የገባት፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

ሻማውን አብርቼ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሳምንቱ ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ። ፍሪጁ፣ መቃኑ፣ ግድግዳ መታከኩ፣ ሁሉም በግራ።

ያላየችውን በምን ታውቀው ነበር?

ስለ ድመት አይን ሁላችንም የምናውቀው በጨለማ ጎበዝ መሆኑን ነው። ያልሰማሁት የቅርቡን ነገር አለማየቱን ነበር። ድመት ከአፍንጫዋ ከ25 ሳንቲሜትር ወዲህ ያለን ነገር አጥርታ ማየት አትችልም፣ ይደበዝዝባታል። ስጋ ቁራሽ አፍንጫዋ ሥር ስትጥሉላት እያሸተተች የምትዞረው፣ እናንተም "እዛው ነው እኮ አንቺ ደደብ" የምትሏት ለዚህ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ አይጥን ለመግደል ትክክለኛዋን ቦታ መንከስ አለባት፣ ግን አይጧ እግሯ ሥር በገባችበት ቅጽበት ከአይኗ ትሰወራለች፣ በብርሃንም ቢሆን። የመጨረሻዋን ስንዝር የምታደርሳት ጢሟ ናት።

ይሄን ከገባኝ በኋላ የድሮ ቪዲዮዎቿን ከስልኬ አውጥቼ በስሎው ሞሽን አየኋቸው። ማሙሽ ላባ በክር አስሮ ሲያጫውታት የቀረፅኩት አለ። ስታደባ ጢሟ ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ዘላ ላባው ላይ ስታርፍ ግን ሁለቱም ወገን በአንዴ ወደ ፊት ይመጣና አፏ ፊት እንደ ቅርጫት ላባውን ይከበዋል። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬያት ስኖር አላየሁትም። ስትፈራ ደግሞ ወደ ኋላ ፊቷ ላይ ይለጠፋል፣ ያ እንኳን ይታወቃል።

በጎንና በጎን ወደ አስራ ሁለት አስራ ሁለት ናቸው፣ በአራት ረድፍ፣ የላዮቹ ሁለት ረድፎች ከታቾቹ ተነጥለው መንቀሳቀስ ይችላሉ። ከቅንድቧ በላይም አሉ፣ እነዛን ስትነኳቸው አይኗን ትጨፍናለች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ አይኗን የሚያተርፏት እነሱ ናቸው። ጉንጯ ላይና አገጯ ላይም አሉ። ጭራሽ የፊት እግሯ ኋላ፣ ከመዳፏ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ረዘም ያሉ ፀጉሮች አሉ፣ በእግሯ የያዘችው ነገር ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ የሚነግሯት። ማሙሽ እነዛን ስላላወቃቸው ተርፈዋል።

ፀጉሩ አይሰማውም

እሮብ ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ ትንሽ ሳቀብኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት "አሟት ይሆን?" ነበር፣ አላመማትም አለኝ፣ ፀጉሩ ራሱ እንደ ጥፍር ነው፣ ነርቭ የለውም፣ ቢነቀል ያማታል እንጂ ቢቆረጥ አይሰማትም። ታዲያ ፀጉሩ ካልተሰማው ምኑ ነው የሚሰማው? ሥሩ ነው አለኝ።

ከዛ ወረቀት አውጥቶ ሣለልኝ። ተራ ፀጉሯ ቆዳዋ ላይ ጥልቀት ሳይኖረው ነው የተተከለው፣ የጢሟ ሥር ግን ሦስት እጥፍ ያህል ጠልቆ ይገባል፣ ዙሪያውን ደግሞ በደም የተሞላ ከረጢት አቅፎታል። ከረጢቱ ግድግዳ ላይ የነርቭ ጫፎች ተሰክተዋል። ከጫፍ ትንሽ ነገር ሲነካው ወይም ነፋስ ሲገፋው ፀጉሩ እንደ ማማሰያ እጀታ ሥሩን ያንቀሳቅሰዋል፣ ነርቮቹ በየት በኩል ገፋ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ በምን ያህል ፍጥነት የሚለውን ወደ አንጎል ይልካሉ። ለዚህ ነው ጨለማ ክፍል ውስጥ ወንበር ቢዛወርባት እንኳ ሳትጋጭ መቆም የምትችለው፣ ግድግዳና ዕቃ አጠገብ አየሩ የሚዞረው ትንሽ ለየት ብሎ ነው፣ ያቺን ልዩነት ትይዛለች።

ማታ ስለዚህ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። በፈረንጆቹ 1970 ቶማስ ዉልዚና ሄንድሪክ ቫን ደር ሎስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአይጥ አንጎል ሲመረምሩ የሴሎች ክምችት በርሜል በርሜል እየመሰለ ተደርድሮ አገኙ። በርሜሎቹ የተደረደሩት ጢሙ ፊቷ ላይ እንደተደረደረው ነው፣ ለእያንዳንዷ ጢም አንድ በርሜል። አስቂኙ ነገር ዳማ ያመለጠቻት አይጥ ናት ይሄ ካርታ ቁልጭ ብሎ የሚታይባት። በድመትም አንጎል ውስጥ ጢሞቹ እንደዚሁ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ማለትም ጢም ዝም ብሎ "የሆነ ነገር ነካኝ" አይልም፣ "ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ነካች" ነው የሚለው። ማሙሽ አስራ አንዱን ሲከረክም ካርታው ግን ውስጥ እንዳለ ነው።

እዚህ ጋ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ሁላችንም ጢሟ ሲቆረጥ የሆነ ነገር "አጣች" ነው የምንለው፣ እንደታወረ ሰው። ግን ዳማ ላይ ያየሁት እንደዛ አልመስል አለኝ። ያጣ ሰው ማጣቱን ያውቃል፣ ይጠነቀቃል። እሷ ግን እርግጠኛ ሆና ነው የሳተችው።

ሐሙስ በሥራ ቦታ እንቅልፍ እየጣለኝ ያሰብኳትን ነገር ማታ ቤት ሞከርኩ። ዳማ ተቀምጣ ወደ መስኮት ስታይ ከኋላዋ ሆኜ የእናቴን የስፌት ክር ወደ ቀኝ ጢሟ ጫፍ ዝቅ አደረግኩ። ክሩ ገና የጫፉን ጫፍ ሲነካ፣ ከጉንጯ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል፣ የቀኝ አይኗ ጠበብ አለ፣ ጆሮዋ ዞረ፣ ራሷ ረጋ ብሎ ወደ ክሩ ዞረ። በግራ በኩል ያንኑ ክር በዛው ርቀት ዝቅ አደረግኩ። ምንም። አምስት ሳንቲሜትር፣ ምንም። ሦስት፣ ሁለት፣ ምንም። ሳንቲሜትር ያህል የቀረችውን ጉቶ ሲነካት ግን ክር ሳይሆን ዱላ የነካት ይመስል ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ዘለለች።

ሐኪሙ የነገረኝ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ጢም ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ደግሞ ከተራ ፀጉርም የቀጠነ ነው፣ ስለዚህ ሲነካ መጀመሪያ ጫፉ ይለመጣል፣ ለሥሩ የሚደርሰው ለስላሳ ነገር ነው፣ ነገሩ እየቀረበ ሲመጣ ወፍራሙ ክፍል ይለመጥና የሚደርሰው እየከረረ ይሄዳል። "ሩቅ ነው፣ እየቀረበ ነው፣ ደረሰ" የሚለው በዚህ ነው የሚለየው። ጫፉን ስትቆርጠው ለስላሳውን ክፍል በሙሉ ወሰድክበት ማለት ነው፣ የቀረው ግትር ጉቶ ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮሃል፣ መሀል የለውም።

የእናቴ ሜትር

ይሄን ሁሉ ለእናቴ እያስረዳሁ እያለ፣ እሷ ፔዳሉን እየረገጠች ሳታየኝ "እንደ ሜትሬ በይዋ" አለች።

ታሪኩ የቤታችን ታሪክ ነው፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ይነገርብኛል። የማሙሽ እኩያ ሆኜ ለአሻንጉሊቴ መቀነት ስፈልግ ከእናቴ የልብስ ሜትር ላይ ጫፉን፣ ከዜሮ እስከ አስር ያለውን፣ በመቀስ ቆርጬ ወሰድኩ። የብረቷንም ጫፍ ጨምሬ። ለፋሲካ አንድ ጎረቤታችን ሱሪ አዝዘው ነበር፣ እናቴ ሰውየውን የለካቻቸው ባለፈው ሳምንት፣ ሜትሩ ሙሉ እያለ ነው። መቶ ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ጨርቁን ግን የዘረጋችው እኔ ከቆረጥኩ በኋላ ነው፣ የሜትሩን ጫፍ ከጨርቁ ጠርዝ አስተካክላ መቶ የሚለው ቁጥር ጋ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጋ ቆረጠች። ሰውየው በፋሲካ ዋዜማ ሲለብሱት ሱሪው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀረ።

እናቴ ሁሌ የምትለው ነገር አለ፣ እስከዛች ቀን ግን ቁም ነገሩን አልሰማሁትም። "ሜትሩ ጠፍቶ ቢሆን እኮ በገመድ እለካ ነበር። ወይ ሰውየውንም በዛው በጎዶሎው ለክቼ ቢሆን ሱሪው ልክ ይመጣ ነበር። ያጠፋኝ በሙሉው ለክቼ በጎዶሎው መቁረጤ ነው።"

ዳማ ማለት ይቺ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ፍሪጁን፣ መቃኑን፣ የአይጥን ማጅራት የለካችው በሙሉው ጢም ነው፣ ቁጥሩ አንጎሏ ውስጥ ተጽፏል። አንድ ቀን ማሙሽ መጥቶ ሜትሩን ቆረጠው፣ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። ግራ ጎኗ ዝም ሲል ለእሷ "ምንም የለም፣ ባዶ ነው" ማለት ነው፣ ምክንያቱም ዕድሜዋን ሙሉ ዝምታ ማለት ባዶ ቦታ ነበር። ስለዚህ ትከሻዋ መቃኑን ይመታዋል፣ አይጧም ባዶ ነው ባለችው በኩል ትወጣለች።

ይሄ ሌላም ነገር ፈታልኝ። ስፊንክስ የሚባሉ ፀጉር አልባ ድመቶች አሉ፣ በኢንተርኔት አይታችኋቸው ይሆናል፣ ብዙዎቹ ጢም የላቸውም፣ ካላቸውም አጭርና የተሰበረ ነው። ዴቨን ሬክስ የሚባሉትም ጢማቸው የተጠቀለለና በቀላሉ የሚሰበር ነው። ጢም እንዲህ ወሳኝ ከሆነ እነሱ እንዴት ይኖራሉ ብዬ ገርሞኝ ነበር። ይኖራሉ፣ ይዘላሉ፣ ይጫወታሉ። ያላዩት አገር አይናፍቅም፣ ከልጅነታቸው በጎዶሎው ለክተው በጎዶሎው ነው የቆረጡት፣ አንጎላቸው ሌላ ቁጥር አልጻፈም። በሌላ በኩል ደግሞ በፈረንጆቹ 1992 የታተመ ጥናት ላይ ከተወለዱ ጀምሮ ማየት ያልቻሉ ድመቶች የፊታቸው ጢም ከሌሎቹ ይበልጥ ማደጉ ተገልጿል። ማለትም ሥርዓቱ ይስተካከላል፣ ይማራል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መቀስ ጊዜ አይሰጥም።

ተፈጥሮ ግን ጊዜ አለው። ጢም በራሱም ይረግፋል እኮ፣ ሶፋ ላይ አንዳንዴ አንዷን ታገኛላችሁ። ግን አንድ በአንድ ነው የሚረግፈው፣ አንዷ ስትወድቅ ጎረቤቶቿ ቆመዋል፣ ካርታው ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። አስራ አንድ በአንዴ ሌላ ነገር ነው።

እማማም ልክ ነበሩ

የሚገርመው የእማማ ምክር መሥራቱ ነው። ዳማ ከዛ በኋላ ለሳምንታት ውጪ አላደረችም። እማማም "አላልኳችሁም?" አሉ፣ ምን ይባላል። እንኳን አጥር መዝለል ፍሪጅ ኋላ መግባት የፈራች ድመት የት ትሄዳለች? ቤት የወደደች መስሎን ነበር፣ ለካ ውጪውን መለካት አቅቷት ነው። ለእማማ ይሄን ለማስረዳት ሞክሬ "ታዲያ ቀረች አይደል?" አሉኝና ቡና ቀዱልኝ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚለውም ቢሆን ለእማማ ማስረጃ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ዓመሏን ያስረሳት መቀስ ነው።

ለማጋነን ግን አልፈልግም፣ ጢሟ ሲቆረጥ ድመት ትሞታለች ብለው የሚጽፉ አሉ፣ አትሞትም። ዳማ በላች፣ ጠጣች፣ አሸዋዋንም አልሳተችም። በብርሃን አይኗ፣ በጨለማ ጆሮዋና አፍንጫዋ ብዙውን ይሸፍኑላታል። የጢሟ ስፋት የሰውነቷ ስፋት ነው፣ በሱ ለክታ ነው ቀዳዳ የምትገባው የሚለውንም በመጠኑ ያዙት፣ ለቀጭን ድመት ይሠራል፣ በጮማ ለተነፋች ድመት ግን ጢሟ አብሯት አይወፍርም፣ ጎረቤት ያለው ቀዩ ወንድ ድመት የአጥራችን ቀዳዳ ላይ ወገቡ ተይዞ ሲጮህ አይተነዋል፣ ጢሙ ሙሉ ነው።

ሐኪሙ የሰጠኝ ምክር አጭር ነበር። ቀኙን ለማስተካከል ብላችሁ እንዳትነኩት፣ አንድ ሙሉ ሜትር ቢቀራት ይሻላታል። (ያቺ "አስተካክሉላት" ያለችኝ ጓደኛዬ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ፣ አዎ ላንቺ ነው።) ዕቃ አታዛውሩ፣ ማታ ትንሽ መብራት ተዉላት፣ ከፍ ካለ በረንዳና ከጠባብ ቀዳዳ ጠብቋት። ድመቷ ጢሟ ሳይቆረጥ እንዲህ ብትጋጭ ግን፣ ወይም አንገቷን ወደ አንድ ጎን አጋድላ በክብ ብትዞር፣ የጆሮ ወይ የአይን ወይ የነርቭ ችግር ሊሆን ስለሚችል ፀጉር ነው ብላችሁ አትተዉት አለኝ። ሲበቅል ደግሞ ጉቶው እንደ ጥፍር ሲረዝም አትጠብቁ፣ ብዙዎቹ ጉቶዎች ጊዜያቸው ሲደርስ ይወድቁና ከዛው ሥር አዲስ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ወር ታገሱ። ሥሩ እስካልተጎዳ ድረስ።

የጠበቅነውም እንደዛው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፍሪጁ ጋ መቆሟን ተወች፣ ጢሟ ስለበቀለ አይደለም፣ ገና ጉቶ ነው፣ ግን ቀድማ ራሷን ትንሽ ወደ ግራ ዞር አድርጋ ቀኝ ጢሟን ወደ ክፍተቱ አቅርባ ነው የምታልፈው። በአንድ ሜትር ሁለት ጎን መለካት ጀመረች ማለት ነው። ይቺን ዘዴ ሳይ ነው መሰለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩባት ነገር የከነከነኝ። አይጥ መያዝ ግን በዛ ዘዴ አልሆነላትም፣ ሙሉ ወር አንድም አላየንም፣ የጤፉን በርሜል ሥር በድንጋይ መዝጋት ነበረብን።

የመጀመሪያዋ አዲስ ጢም የወጣችው ወር ከአስር ቀን አካባቢ ነው፣ ከላይኛው ረድፍ፣ ከጉቶዋ ጎን፣ ቀጭን እንደ ሸረሪት ድር። አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል፣ ሁለቱ ገና አጭር ናቸው። ማሙሽ በየቀኑ ነው የሚቆጥራቸው፣ የክብሪት ቀፎውንም አልጣለም። ባለፈው እሁድ የእናቴን ሜትር ተሸክሞ ዳማ ካርቶኗ ውስጥ ተኝታ ሳለ ሳይነካት ከላይ ከላይ ለካትና እየሮጠ መጣ።

"አምስት ሆናለች!" አለ።

እናቴ ፔዳሉን አቆመች፣ መነፅሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች፣ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዛ እሱን።

"ከስንት ጀምረህ?"